ያን ሁሉ ተናግሮ ይሄ ብቻ ነው?

እሺ… እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው። ሰላም ናችሁ። ዛሬም ብርድ ልብስ ውስጥ ነኝ። የጎረቤቴ ጄኔሬተርም አለ፤ ስለሱ ምንም አልልም፣ ባለፈው ብዬ ብዬ ሰልችቶኛል።

ያቺን የስልክ ጥሪ ላወራ ነው። ባለፈው ጀምሬ "ቆይ በኋላ" ብዬ የተውኳትን። በኋላው ዛሬ ሆነ፣ እንቅልፍ ስለከለከለችኝ ነው።

ሙሽሪትን ታውቋታላችሁ። አላገባችም፣ ስሙ እንዲሁ ወጥቶላት ነው። ሱዳኔውንም ታውቁታላችሁ፤ ካርቱም ስትነድ እዚህ መጥቶ፣ እዚህ ተዋደው፣ አሁን ካይሮ ነው ያለው። በእንግሊዝኛ ነው የሚያወሩት፣ የሁለቱም እንግሊዝኛ እኩል ደካማ ስለሆነ ማንም ማንንም አይንቅም። እናቷን እትዬ እላታለሁ። እትዬ ደግሞ እኔን "ቤይሩት" ነው የምትለኝ፣ ተመልሼ መጥቼ ስንት ዓመቴ።

ማታው እንዲህ ነበር። ሙሽሪት በማግስቱ ጠዋት የእንቅርት ቀዶ ጥገና አለባት። አራት ኪሎ እናቷ ቤት ነን። ቡናው ሦስተኛው ላይ ደርሷል፣ ዕጣኑ ገና እየጨሰ ነው፣ ግድግዳው ላይ ምስለ ፍቁር ወልዳ። ሱዳኔው በቪዲዮ ደወለ። ትንሽ በእንግሊዝኛ ሞከረ፣ "አይዞሽ" ዓይነት ነገር። ከዚያ ዝም አለ። ከዚያ ወደ አረብኛ ገባ።

ሰው ሲፈራ እንደዚህ ነው መሰለኝ። በሰው ቋንቋ መቀለድ ይቻላል፣ መመረቅ ግን… እኔ ቤይሩት ስድስት ዓመት ስኖር በአረብኛ ተሳድቤያለሁ፣ ተከራክሬያለሁ፣ ሂሳብ ሠርቻለሁ። ስመርቅ ግን አማርኛ ነው የሚወጣኝ። ማዳሜ ስታስነጥስ "ይማርሽ" ነበር የምላት። ምን ማለት እንደሆነ ሳታውቅ ትስቅ ነበር።

እና እሱ እንዲህ አለ። ደጋግሜ ስለሰማሁት በቃሌ ይዤዋለሁ፦ "አስተውዲዑኪላህ፣ አለዚ ላ ተዲዑ ወዳኢዑህ።" ቀስ ብሎ። ድምፁ መሃል ላይ ትንሽ ተሰበረ። ቀጥሎ ደግሞ "አላህ የኸሊኪ ሊ" አለ፣ እሷን ቀጥ ብሎ እያየ፤ ማለቴ ስልኩን እያየ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ቤይሩት ትተርጉም!

እኔም፦ "እግዚአብሔር ይጠብቅሽ ነው የሚልሽ።"

በቃ። ሁለት ቃል። እትዬ ሲኒውን እንደያዘች አየችኝና "ያን ሁሉ ተናግሮ ይሄ ብቻ ነው?" አለች። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እትዬ "አሜን፣ አሜን" አለችና "እሱንም እመብርሃን ትጠብቀው በይልኝ" አለችኝ። እኔ ወደ ስልኩ ዞሬ "አላህ የሕፈዘክ" አልኩት። አላህ ይጠብቅህ። እሱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "አሚን፣ አሚን ያ ኻላ" አላት፣ አክስቴ ማለቱ ነው።

አያችሁት? እትዬ እሱ ላላለው ነገር አሜን አለች። እሱ ደግሞ እሷ ላላለችው። መሃል ላይ እኔ አለሁ፣ ሁለቱንም አስደስቼ።

ያኔ ምንም አልመሰለኝም፣ እውነቱን ለመናገር። ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር። ቀዶ ጥገናው በደህና አለቀ፣ ተመስገን። ከሳምንት በኋላ ነው ሙሽሪት፣ አንገቷ ላይ ፋሻ እንዳለ፣ "ያን ያለኝን ቃል በቃል ጻፊልኝ" ያለችኝ። እስክሪብቶ ይዤ ቁጭ ስል ነው የሠራሁት ሥራ የገባኝ።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እሱ የፈጠረው አይደለም። ሙስሊሞች ሲለያዩ የሚባባሉት ዱዓ ነው፣ ከሐዲስ የመጣ። ትርጉሙ "ይጠብቅሽ" አይደለም። አደራ ነው። "አደራ የሰጡት ለማይጠፋበት ለአላህ አደራ ሰጥቼሻለሁ።" "ይጠብቅሽ" ምኞት ነው፣ ከሩቅም ይባላል። ይሄ ግን ማስረከብ ነው፤ በእጄ ነበርሽ፣ አሁን ከእጄ ውጪ ነሽ፣ ለሱ ሰጠሁሽ። ካይሮ ተቀምጦ ቀዶ ጥገናዋ አጠገብ መሆን የማይችል ሰው የሚለው ነገር እኮ ይሄው ነው። እኛ ደግሞ አደራ የሚል ቃል አለን! እንዲህ ልክክ የሚል ቃል ያለው ቋንቋ ይዤ "ይጠብቅሽ" ብዬ አለፍኩት።

"ወዳኢዕ" የምትለዋ ደግሞ… ቆይ ይሄን ልንገራችሁ፣ ከርዕስ ልወጣ ነው። "ወዳኢዕ" ባንክ የሚቀመጥ ገንዘብም ነው። በ2019 የሊባኖስ ባንኮች የሰውን ገንዘብ ሲይዙ ማታ ማታ ዜናው ሁሉ ወዳኢዕ፣ ወዳኢዕ ነበር። ማዳሜ ቴሌቪዥኑ ላይ ትጮህ ነበር። ደሞዜን በዶላር መስጠት ያቆመችውም ያኔ ነው፣ እሱን ሌላ ቀን አውርተነዋል፣ አሁን ደሜ እንዲፈላ አልፈልግም። እና ይሄን ዱዓ ስሰማ መጀመሪያ የመጣብኝ የባንኩ በር ነው። በቆርቆሮ የታሸገው በር። የማይጠፋበት! እሱ ስለ ፍቅሩ ያወራል፣ እኔ ስለ ዶላሬ አስባለሁ።

እሺ፣ ተመለስኩ። ሁለተኛዋ። "አላህ የኸሊኪ ሊ።" አላህ ለኔ ያቆይሽ፣ ያኑርሽ ነው። ቀላል ትመስላለች አይደል? እስቲ ሞክሯት። አረብኛው ውስጥ "ኪ" አንቺ ናት፣ "ሊ" ደግሞ ለኔ። ሁለቱም ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። አማርኛ ግን ግሱ ላይ ለአንድ ሰው ብቻ ነው ቦታ ያለው። "ያቆይሽ" ካልኩ አንቺ አለሽ፣ እኔ የለሁም። "ያቆይልኝ" ካልኩ እኔ አለሁ፣ አንቺ ወጣሽ። "ያቆይሽልኝ" የሚል ሰው ሰምታችኋል? እኔ አልሰማሁም። ለዚህ ነው መሰለኝ እናቶቻችን "ያቆይልኝ"ን ስለ ልጁ ለሌላ ሰው ሲያወሩ የሚሏት። ፊት ለፊት ለፍቅረኛ ለማለት "ለኔ" ብሎ ለብቻ ማውጣት ነው፤ "ለኔ ያቆይሽ"። ያኔ ደግሞ "ለኔ"ዋ ጎልታ የስስት ትመስላለች። እሱ እንደዛ አላላትም። እሱ ሲላት አትሰማም ነበር፣ ጫፉ ላይ ያለች ትንሽ ድምፅ ናት።

በመጨረሻ "ክፉሽን አያሳየኝ" ብዬ ጻፍኩላት። ቃል በቃል ምንም አይገናኝም። ግን ሁለታችንም አለንበት፤ "ሽ"ም አለች፣ "ኝ"ም አለች። ደስ አለኝ። አሁንም ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም።

ያሳሰበኝ እሱ አይደለም። ስሙ ነው።

"አላህ" ያለውን "እግዚአብሔር" አልኩት። ልክ ነበር? ቤይሩት እያለሁ ማዳሜ ክርስቲያን ነበረች፣ አሽረፊዬ ነው የምንኖረው፣ መኪናዋ ላይ መቁጠሪያ ይወዛወዛል፣ አፏ ላይ ግን አላህ፣ አላህ ነው። መጽሐፍ ቅዱሱም በአረብኛ አላህ ነው የሚለው። የሷን "አላህ" እግዚአብሔር ብዬ ብተረጉም ማንም አይጠይቀኝም። ስለዚህ ቃሉ ብቻውን አይወስንም፤ የተናገረው አፍ ነው። በአማርኛ ደግሞ ሙስሊሙ አላህ ይላል፣ እኛ እግዚአብሔር እንላለን፣ ፕሮቴስታንቱ ጌታ ይላል፤ ማን እንደተናገረ ከስሙ ይታወቃል። እኔ እሱን አፉን ቀየርኩበት። ለእትዬ የራሷ ሰፈር ልጅ አስመሰልኩት።

"ፈጣሪ በይው" ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ። ፈጣሪ ማንንም አያስቀይምም። ግን ፍቅረኛውን "ፈጣሪ ይጠብቅሽ" የሚል ሰው… የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው የሚመስለኝ።

ስሙን መዝለልም ይቻላል። አማርኛ ለዚህ ሸጋ ነው፤ "ይጠብቅሽ"፣ "ያኑርሽ"፣ "አያሳየኝ"፣ ማን? ይታወቃል። የሁሉም ሰው ነው። ለሱ አባባል ይሠራል። አሁን የእትዬን ሞክሩት። እመብርሃንን አውጡና ግሱን ብቻ ተዉት። "ትጠብቀው።" "ት"ዋ ቀረች! ስሟን ብትደብቋት በ"ት"ዋ ትታያለች። መደበቅ አይቻልም።

እና እኔ እሷን ነው ጨርሼ ያጠፋኋት። የሱን ስም ቀየርኩ፣ የሷን ግን ሰረዝኩ። እኩል አይደለም እኮ።

ማለት እችል ነበር። ማዳሜ ለልጇ "ኢል ዐድራ ቲሕሚክ" ነበር የምትለው፣ ድንግል ትጠብቅህ፣ ቁርጥ የእትዬ። አፌ ላይ ነበረች። ግን ለሱ? መርየምን ያከብራታል፣ በቁርኣን በስሟ የተሰየመ ምዕራፍ አላት፣ 19ኛው። ግን ጥበቃ ከአላህ ሌላ አይለመንም። እንደዛ ብለው አሚን ይላል? ዝም ካለ ደግሞ እትዬ ዝምታውን ታያለች፣ ዕጣኑ እየጨሰ፣ ልጇ ጠዋት ቢላ ሊነካት።

ማብራራት ይቻላል ብዬም አሰብኩ። እትዬን ብትጠይቋት "ትጠብቀው" ማለቴ ልጇን ለምና ነው ትላችኋለች፣ አማላጅ ናት። ጥሩ፣ እንደዛ ልበለው። ግን "ልጇን" ብዬ ስጀምር ደግሞ… ልጇ ማን እንደሆነ ላይ ነው እኮ ዋናው ልዩነት። አንዱን ስዘጋ ሌላው ይከፈታል። በምርቃት ጀምሬ ክርክር ውስጥ ልከታቸው ነው።

"እናትየው በራሷ እምነት መርቃሃለች፣ ቃሏ ይሄ ነው" ብሎ መንገርም አለ። ሐቀኛው እሱ ነው። ግን እሱ ወሬ ነው፣ ምርቃት አይደለም። ለተወራ ምርቃት አሚን አይባልም፣ "አመሰግናለሁ" ነው የሚባለው። እንጃ። ምናልባት እሱም ይበቃ ነበር።

ሙሽሪት የጻፍኩላትን አነበበች። "አላህ" ብዬ ነው የጻፍኩት፣ የሱ ቃል የሱ ነው ብዬ። ሁለት ጊዜ አነበበችው። አለቀሰች፣ ከዚያ ፋሻዋ ስለያዛት በማልቀሷ ሳቀች። ከዚያ ምን አለችኝ? "እማዬ ያለችውንስ ለሱ ጽፈሽለታል?"

አልጻፍኩም። ስልኬ ላይ ተጀምሮ አለ። "ኻላ ትልሃለች" ይልና ያበቃል። እትዬ ደግሞ ትናንት ቡና ላይ "ያ ልጅ ግን አሜን ሲል ደስ ሲል፣ ማርያምን ይወዳታል ማለት ነው" አለችኝ። እኔ… ፈንዲሻ ጎረስኩ።

ጄኔሬተሩ ጠፋ። ሰማችሁ? መብራት መጣ ማለት ነው። ቆይ ስልኬን ቻርጅ ላ—