ኔትወርክ መልሳችሁን ሲቆርጠው፦ ከቪዲዮ ቃለ መጠይቅ በኋላ የሚጻፈው ኢሜይል

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራችሁ በቪዲዮ ስለሚደረግ የሥራ ቃለ መጠይቅ ነው። ኔትወርክ እየተቆራረጠ መልሳችንን ሲያበላሽብን፣ ከተለያየን በኋላ ምን እንጻፍ የሚለውን ማለቴ ነው። ጉዳዩን ከሁለቱም ወገን ተቀምጬ አይቼዋለሁ፤ ተጠይቄም ጠይቄም አውቃለሁ። የሥራ ዕድል በሰው ችሎታ ሳይሆን በመስመር ድካም ሲወሰን ማየት ከልቤ ያሳዝነኛል።

የራሴን ልንገራችሁ። ናይሮቢ ለሚገኝ የአንድ ድርጅት ቢሮ፣ በሕክምና ዕቃ አቅርቦት ክፍል ለመሥራት አመልክቼ ነበር። እኔ አዲስ አበባ ቤቴ ሆኜ፣ ሦስት ሰዎች በዙም ጠየቁኝ። የእነሱ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማኛል፤ የእኔ ግን እነሱ ጋ ሲደርስ ይቆራረጣል። የዚህ ነገር ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። ወደ እኛ የሚገባውና ከእኛ የሚወጣው መስመር አቅማቸው እኩል አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚደክመው የሚወጣው ነው። እነሱን ደህና አድርገን ስለምንሰማ፣ እኛም የተሰማን ይመስለናል።

ደግሞ የጠፋው ቃል ዘግይቶም አይደርስም። በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ስንልክ መስመሩ ቢደክም ይቆያል እንጂ ሙሉው ይደርሳል። በቀጥታ ንግግር ግን በሰዓቱ ያልደረሰው ድምፅ ይጣልና ንግግሩ ይቀጥላል። «ቀድተውት የለ፣ መልሰው ይሰሙታል» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ቅጂው የሚይዘው ግን ከእኛ ወጥቶ የደረሰውን ድምፅ ነው፤ ያልደረሰው እዚያም የለም።

እንግዲህ የትኛው መልስ እንደተቆረጠ በምን ይታወቃል? ስክሪኑ ላይ `Your internet connection is unstable` የሚል ጽሑፍ ብቅ ካለ፣ በዚያ ሰዓት ስትናገሩት የነበረውን ያዙት። ከዚያ ይበልጥ የሚያስተማምነው ግን የጠያቂዎቹ ቀጣይ ጥያቄ ነው። እኔን የጠየቁኝ የመጋዘን ቆጠራ ከመዝገብ ጋር አልገጥም ሲል ምን እንዳደረግሁ ነበር። የዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ቢን ካርድ 412 ካርቶን ይላል፣ በቆጠራ የተገኘው 388 ነው፣ 24 ካርቶን ጎደለ ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ እንዴት እንዳጣራሁና ምን እንደተገኘ እስከ መጨረሻው ተናገርኩ። ስጨርስ ትንሽ ዝምታ ሆነ። አንደኛዋ፣ «ታዲያ ስርቆቱን ለማን ሪፖርት አደረግሽ?» ብላ ጠየቀችኝ።

እኔ ስለ ስርቆት ያወራሁት ነገር የለም። ከመልሴ የደረሳቸው ጉድለቱ ብቻ መሆኑ ያኔ ገባኝ። ስርቆት እንዳልነበረ ለማስረዳት ስጀምር ድምፄ እንደገና ተቆረጠ፤ ሰዓቱም እያለቀ ስለነበር ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፉ። ልብ በሉ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ስንመልስ ሁኔታውን እናስቀድማለን፣ ውጤቱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። መጨረሻው ከተቆረጠ ጠያቂው ጋ የሚቀረው ችግሩ ነው፤ መፍትሔው የለም። ግማሽ መልስ፣ ጭራሽ ካልተሰማ መልስ የባሰ የሚጎዳው ለዚህ ነው።

ከዙም እንደወጣሁ ወረቀት ያዝኩ። የተጠየቅሁትን፣ ያልኩትን፣ ቀጥሎ የጠየቁኝን በቅደም ተከተል ጻፍኩ። ይኼ ሳይውል ሳያድር መሠራት አለበት፤ ምክንያቱም ሲያድር ያልነውና ልንለው ያሰብነው ይደባለቅብናል። ወረቀቱን ሳየው በእርግጥ የተጎዳው መልስ አንድ ብቻ ነበር። ሌሎቹ ላይ ድምፄ አልፎ አልፎ ቢቆረጥም ቀጣዩ ጥያቄያቸው ከመልሴ ጋር ይገጥም ስለነበር ተረድተውኛል ማለት ነው። እነሱን ተውኳቸው።

ከዚያ ኢሜይሉን ጻፍኩ። የላክሁት ለቃለ መጠይቁ ለጠራችኝ የሰው ኃይል ባለሙያ ነው፤ የጠያቂዎቹን አድራሻ ከሊንክድኢን መፈለግ አልወደድኩም። በአማርኛ እንዲህ የሚል ነበር፦

«ዛሬ ጊዜ ወስዳችሁ ስላነጋገራችሁኝ አመሰግናለሁ። ስለ ቆጠራ ልዩነት ለቀረበልኝ ጥያቄ የሰጠሁት መልስ መጨረሻው በመስመር መቆራረጥ ምክንያት ያልደረሳችሁ ይመስለኛል። ያልተሰማው ይህ ነው፦ 24ቱ ካርቶኖች አልጠፉም። በአስቸኳይ ለአንድ ጤና ጣቢያ ሲላኩ በሞዴል 22 ወጪ ተደርገው ነበር፤ ቢን ካርዱ ላይ ግን ሳይመዘገቡ ቀሩ። ሰነዱን ጤና ጣቢያው ዕቃውን ከተቀበለበት ሞዴል 19 ጋር አመሳክሬ መዝገቡን አስተካከልኩ። ከዚያ ወዲህ ዕቃ ከመጋዘን ከመውጣቱ በፊት ካርዱ ላይ መመዝገቡ በፊርማ እንዲረጋገጥ አደረግን። አሠራራችሁ የሚፈቅድ ከሆነ ይህንኑ ጥያቄ በስልክ ለመመለስ ዝግጁ ነኝ።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ስለ ኢንተርኔቱ ያለው አንድ ሐረግ ነው። የደረሳቸውን፣ ማለትም 412 እና 388 የሚለውን አልደገምኩም። ቃለ መጠይቁ ላይ ያላልኩትን አዲስ ነገርም አልጨመርኩም፤ እዚህ ላይ ጥብቅ ነኝ። ጠያቂ ሆኜ በተቀመጥኩበት ጊዜ፣ «ተቆርጦብኛል» ብሎ ሦስት ገጽ የተዋበ መልስ የላከ ሰው ነበር። በግማሽ የሰማነው ከጻፈው ጋር አልገጠመም። ከዚያ በኋላ የቀረውንም መልሱን በጥርጣሬ ነው ያየነው።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ብዙ ቦታ ጠያቂዎች ለእያንዳንዱ ጥያቄ ቅጽ ላይ ነጥብ ይሰጣሉ፤ የመጨረሻው አመልካች እንደወጣ ተቀምጠው ያስተያያሉ። ነጥቡ ከተፈረመ በኋላ የደረሰ ኢሜይል፣ ጥሩ ቢሆንም የሚገባበት ቦታ የለውም። እኔ በዚያው ቀን፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ላክሁ።

አንድ ገደብ አለ፣ እሱን ሳልነግራችሁ ባልፍ ቅር ይለኛል። ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ፣ አንድ ዓይነት ደቂቃ የሚሰጡ መሥሪያ ቤቶች አሉ። እነዚህ ከቃለ መጠይቁ በኋላ በጽሑፍ የመጣ መልስ ላይቀበሉ ይችላሉ፤ ሌላው አመልካች ያላገኘው ዕድል ይሆናላ። ትክክልም ናቸው። የኢሜይሉን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት ለዚህ ነው። ጽሑፉን መቀበል ባይችሉ እንኳ ጥያቄውን ደግመው መጠየቅ ይችላሉ፤ ያ ከደንባቸው ጋር የመጋጨት ዕድሉ ያነሰ ነው።

በማግስቱ ባለሙያዋ ደወለችልኝ። ጽሑፉን ለነጥብ እንደማይጠቀሙበት፣ ግን ያንን አንድ ጥያቄ በስልክ እንደሚደግሙት ነገረችኝ። ቪዲዮ የለም፣ ተራ የስልክ ጥሪ። ሲጠይቁኝ መልሴን ገለበጥኩት፤ «ዕቃው አልጠፋም፣ ያልተመዘገበ ወጪ ነበር» ብዬ ከውጤቱ ጀመርኩና እንዴት እንዳገኘሁት ከኋላው አስከተልኩ። መስመሩ ቢቆረጥ እንኳ ዋናው ቀድሞ ደርሷል። የቡድኑ ኃላፊም ስለ ስርቆት አላነሳም፤ የመጋዘን ሠራተኛው ፈቃድ ሲወጣ ያንን ፊርማ ማን እንደሚፈርም ነው የጠየቀኝ።

ለኢሜይላችሁ መልስ ካልመጣ ደግሞ ያንኑ ማብራሪያ ደግማችሁ አትላኩ። ውጤት እናሳውቃለን ያሉበት ቀን ካለፈ በኋላ፣ ምርጫው ከምን እንደደረሰ በሁለት መስመር መጠየቅ ይበቃል።

በሉ፣ ቸር እንሰንብት።