ከጂን እስከ ፕሮቲን፦ የቤታ ግሎቢን መልእክት እንዴት ይዘጋጃል?

[ምስል፦ በኒውክሊየስ ውስጥ ከዲኤንኤ ላይ እየተገለበጠ የሚወጣ የአርኤንኤ ክር]

ቀይ የደም ሴል ለመሆን የሚያድግ ሴል ሄሞግሎቢን ለመሥራት የቤታ ግሎቢንን ጂን ይገለብጣል። ግልባጩ ግን እንዳለ ለፕሮቲን ሥራ አይውልም። ከኒውክሊየስ ሳይወጣ ሁለቱ ጫፎቹ ይዘጋጃሉ፤ ከመካከሉም ኢንትሮን የሚባሉ ክፍሎች ተቆርጠው ይጣላሉ፤ ተገጣጥመው የሚቀሩት ኤክሶኖች ይባላሉ።

የመነሻው ጫፍ ቀዳሚ ነው። ክሩ ገና ከ20 እስከ 30 ፊደሎች ሲረዝም ሜቲል የተጨመረበት ጓኒን እንደ ቆብ ይደፋበታል። ቆቡ የሚያያዘው በተገላቢጦሽ አቅጣጫ ስለሆነ፣ አርኤንኤን ከጫፉ ጀምረው የሚበሉ ኢንዛይሞች መግቢያ ያጣሉ። መልእክቱን አንብቦ ፕሮቲን የሚሠራው ራይቦሶምም ወደዚህ ጫፍ የሚመጣው ቆቡን በሚይዙ ፕሮቲኖች አማካይነት ነው።

[ምስል፦ ሦስት ኤክሶኖችና በመካከላቸው ሁለት ኢንትሮኖች]

አሁን ወደ መቁረጡና መገጣጠሙ እንለፍ፤ ረጋ ብለን ልናየው የሚገባው ይህ ነው። የቤታ ግሎቢን የመጀመሪያ ኢንትሮን 130 ፊደሎች አሉት፤ በ GU ይጀምርና በ AG ያበቃል። ቆራጭና ገጣጣሚ የሆነው ስፕላይሶሶም በመጀመሪያ ከ GU በፊት ይቆርጥና የተፈታውን ጫፍ ከኢንትሮኑ መጨረሻ ብዙም ከማይርቅ አንድ A ጋር ያያይዘዋል። ከዚያ ከ AG ቀጥሎ ቆርጦ ሁለቱን ኤክሶኖች ያገጣጥማል። ቀለበት የሠራው ኢንትሮን ይወገዳል።

[ምስል፦ በኢንትሮኑ 110ኛ ቦታ ላይ G ወደ A ሲለወጥ]

በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ በብዛት የሚገኝ አንድ ለውጥ እንመልከት። በዚህ ኢንትሮን 110ኛ ቦታ ላይ የነበረው G ወደ A ይለወጣል። ቀጣዩ ፊደል G ስለሆነ ቀድሞ ያልነበረ AG ይፈጠራል። ስፕላይሶሶም አብዛኛውን ጊዜ በትክክለኛው ማብቂያ ፈንታ እዚህ ስለሚቆርጥ፣ 19 የኢንትሮን ፊደሎች በመልእክቱ ውስጥ ይቀራሉ። ራይቦሶም የሚያነበው ሦስት ሦስት ፊደል እያደረገ ነው። የ19ኙ የመጨረሻዎቹ ሦስት ፊደሎች ደግሞ UAG ናቸው፤ ትርጉማቸውም «አቁም» ነው። ፕሮቲኑ ገና ሳያልቅ ይቋረጣል፤ ሴሉም እንዲህ ያለውን መልእክት ለይቶ ያጠፋዋል። በትክክል የሚቆረጠው ጥቂቱ ብቻ ስለሆነ ቤታ ግሎቢን ያንሳል፤ ሕመሙ ቤታ ታላሲሚያ ይባላል።

የመጨረሻው ጫፍ የሚዘጋጀው AAUAAA በሚለው ምልክት ነው። ክሩ ከምልክቱ ከ10 እስከ 30 ፊደሎች አለፍ ብሎ ይቆረጣል፤ ከዚያም አንድ ኢንዛይም ከዲኤንኤ ሳይገለብጥ 200 ያህል A ይቀጥልበታል። ይህ ጅራት መልእክቱ ቶሎ እንዳይፈርስ ይረዳዋል። ምልክቱ AACAAA ሲሆን ግን ብዙው ግልባጭ በቦታው ሳይቆረጥ ያልፋል፤ ይህም ራሱን የቻለ የቤታ ታላሲሚያ መንስኤ ነው።

ሁለቱም ለውጦች የፕሮቲኑን ፊደል አልነኩም። ስለዚህ ኤክሶኖቹ ውስጥ ፕሮቲን የሚጽፈውን ክፍል ብቻ የሚያነብ የዘረመል ምርመራ አያገኛቸውም፤ ኢንትሮኑና የጂኑ መጨረሻም አብረው መነበብ አለባቸው።