ፎቶው ቀጥ ብሏል፤ ልኩስ?

(ምስል፦ ፒያሳ ካለ ቢሮ በቴሌግራም የመጣ፣ ከጥግ በኩል የተነሳ የጠረጴዛ ፎቶ)

መርካቶ ያለው መስታወት ቆራጭ ለዚህ ጠረጴዛ ርዝመቱንና ስፋቱን ይፈልጋል። ፎቶው ላይ ግን የቅርቡ ጠርዝ ረዝሟል፣ የሩቁ አጥሯል። ስለዚህ እንደመጣ አይለካም።

ደግነቱ ላኪው ሁለት የኤ4 ወረቀቶች አስቀምጧል፤ አንዱን ከቅርቡ፣ ሌላውን ከሩቁ ጠርዝ አጠገብ። የወረቀቶቹ ረጅም ጎን ከጠረጴዛው ርዝመት ጋር ትይዩ ነው። ፎቶውንም እንደ ፋይል ነው የላከው፤ አለበለዚያ ቴሌግራም ያሳንሰዋል።

(ስክሪን፦ GIMP)

GIMP በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ Perspective የሚለውን መሣሪያ ምረጡ፣ Direction ላይ Corrective (Backward) አድርጉ። አራቱን መያዣዎች ወደ ጠረጴዛው አራት ማዕዘኖች ጎትቱና Transform በሉ። ማዕዘኖቹን አጉልታችሁ ያዙ፤ በተለይ የሩቆቹን፣ እዚያ አንድ ፒክስል የሚሸፍነው ቦታ ሰፊ ነውና።

አሁን ጠረጴዛው ቀጥ ብሏል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ፎቶው 4000 በ3000 ፒክስል ስለነበር ፕሮግራሙ ጠረጴዛውን ለጥጦ ያንኑ መጠን አስይዞታል። እውነተኛ ምጥጥኑን አያውቅም።

(ምስል፦ የቅርቡ ወረቀት ጎልቶ)

Measure በሚለው መሣሪያ ወረቀቱን ለኩ። 29.7 ሴንቲ ሜትር የሆነው ጎን 743 ፒክስል፣ 21 የሆነው ደግሞ 788 ፒክስል ወጣ። አጭሩ ጎን ከረጅሙ በለጠ! ስለዚህ ሁለት ሚዛን ያስፈልጋል፦ በርዝመት 743 ለ29.7 ሲካፈል 25 ፒክስል በሴንቲ ሜትር፣ በስፋት 788 ለ21 ሲካፈል 37.5። ጠረጴዛው እንግዲህ 4000 ለ25፣ 160 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ 3000 ለ37.5፣ 80 ይሰፋል። በ25 ብቻ ብታካፍሉ ኖሮ ስፋቱ 120 ይሆን ነበር።

የሩቁን ወረቀትም ለኩ። ከቅርቡ ጋር እኩል ካልወጣ ወይ ማዕዘን በትክክል አልተያዘም፣ ወይ ጠረጴዛው ራሱ ትክክለኛ አራት ማዕዘን አይደለም። ጠርዙ ቀስት ከሆነ ግን ችግሩ የሰፊው ሌንስ ነው፤ ማዕዘን መጎተት ያንን አያቃናም፣ በተለመደው ሌንስ ድጋሚ ይነሳ።

ወረቀቱን ስትለኩ 2 ፒክስል ብትስቱ፣ 160 ሴንቲ ሜትር ላይ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ያድጋል። ለጠረጴዛ ልብስ ምንም አይደል፤ ለመስታወት ግን በወረቀት ፋንታ የሜትር ጥቅል በሁለቱም አቅጣጫ ተዘርግቶ ይነሳ።

ግድግዳና በርም በዚሁ መንገድ ይለካሉ፣ ማጣቀሻው ከሚለካው ነገር ጋር በአንድ ገጽ ላይ እስካለ ድረስ። በሩ ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ገባ ካለና ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ፣ ከ2 ሜትር ፊት ለፊት በተነሳ ፎቶ እንኳ 90 ሴንቲ ሜትር በር 86 ገደማ ሆኖ ይወጣል። ወረቀቱ በሩ ላይ ይለጠፍ።