ትርፉን ሳይሆን ዕዳውን ጠይቁ
(አክሲዮን ለመግዛት ላሰቡ የአዳማ ነጋዴዎች የተደረገ ንግግር)

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ።

አዳማ ውስጥ አክሲዮን ሲሸጥ የመጀመሪያው ጥያቄ «አምና ስንት አተረፈ?» ነው። እኔ ዛሬ ሌላኛውን ወረቀት፣ የሀብትና ዕዳ መግለጫውን እንድታዩ ነው የመጣሁት። እዚያ ላይ ድርጅቱ ያለው ሀብት አለ፤ ያለበት ዕዳ አለ። ዕዳው ከሀብቱ ሲቀነስ የሚተርፈው የባለአክሲዮኖች ነው።

ሁለት የዱቄት ፋብሪካዎች እናስብ። የሁለቱም ሀብት 100 ሚሊዮን ብር ነው። ሁለቱም ከወለድ በፊት 20 ሚሊዮን ያተርፋሉ። አንደኛው 20 ሚሊዮን፣ ሁለተኛው 80 ሚሊዮን የባንክ ዕዳ አለበት። ወለዱ 15 በመቶ ይሁን፤ ግብሩን ለጊዜው እንተወው።

አንደኛው 3 ሚሊዮን ወለድ ከፍሎ 17 ይቀረዋል። የባለአክሲዮኖቹ ገንዘብ 80 ሚሊዮን ስለሆነ መቶ ብር ያዋጣ ሰው 21 ብር ገደማ አተረፈ ማለት ነው። ሁለተኛው 12 ሚሊዮን ከፍሎ የሚቀረው 8 ብቻ ነው። ግን የባለአክሲዮኖቹ ገንዘብ 20 ሚሊዮን ነውና መቶ ብሩ 40 ወለደ። እዚህ ላይ ብናቆም ሁላችሁም ወደ ሁለተኛው ትሮጣላችሁ። አልፈርድባችሁም።

አሁን ስንዴ ተወደደ፣ መብራት እየጠፋ ወፍጮው ቆመ እንበል። ትርፉ በግማሽ ወርዶ 10 ሚሊዮን ሆነ። አንደኛው ወለዱን ከፍሎ 7 ሚሊዮን ይዟል። ሁለተኛው 12 መክፈል አለበት፤ እጁ ላይ 10 ነው ያለው። ዋናው ብድር ገና አልተነካም። ባንክ ደግሞ ስንዴ ተወደደ ተብሎ ወለዱን አይተውም።

ነገሩ ከፍቶ ንብረቱ በሐራጅ 75 ሚሊዮን ቢያወጣስ? ቅድሚያ የአበዳሪው ነው። ከአንደኛው ለባለአክሲዮኖች 55 ሚሊዮን ይተርፋል። ከሁለተኛው ምንም። ስለዚህ የሁለተኛውን አክሲዮን እኔ ብገዛ እንኳ በጣም በርካሽ ካልሆነ አልነካውም።

አንድ ነገር ልጨምር። መግለጫው የሚያሳየው የአንድ ቀን ሁኔታ ነው፤ እኛ አገር በአብዛኛው የሰኔ 30ን። ሰኔ መጨረሻ ላይ ብድሩን ከፍሎ ሐምሌ ላይ መልሶ የሚበደር አለ። ይህን ለመያዝ በዓመቱ የተከፈለውን ወለድ ከዕዳው ጋር አስተያዩት። ዕዳው 20 ሚሊዮን ተብሎ ወለዱ 9 ሚሊዮን ከሆነ ሂሳቡ አይገጥምም። በ15 በመቶ 9 ሚሊዮን የሚያስከፍለው ዓመቱን ሙሉ የቆየ 60 ሚሊዮን ዕዳ ነው። ምናልባት አዲስ አክሲዮን ሸጠው ከምር ከፍለው ይሆናል። እሱን ሻጩን ጠይቁት፦ ብሩ ከየት መጣ? ሐምሌ ላይስ ስንት ተበደራችሁ?

የያዛችሁት መግለጫ ካለ አውጡት፤ አብረን እንየው።