የክረምት ፎቅ ለምን ጭቃ ይመስላል?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬም ብቻዬን ነኝ። የምቀዳው ከደብረ ማርቆስ ነው። የቆርቆሮው ድምፅ ከገባባችሁ ታገሱኝ፣ ሐምሌ ነው፣ ምን ይደረጋል። ለነገሩ የዛሬው ወሬም ስለ ዝናብ ነው።

ሥራዬን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ገና ያልተሠራን ሕንፃ በኮምፒውተር ሠርቼ፣ ተሠርቶ ያለቀ የሚመስል ምስል አወጣለሁ። ሬንደር የምንለው ማለት ነው። ሰሞኑን አንዲት እትዬ የፎቃቸውን ጉዳይ ይዘው መጡ። ጂ ፕላስ ሦስት ነው፣ ዋናው መንገድ ዳር። ሥሩ መድኃኒት ቤትና ካፌ አለው። ፊቱ ላይ ሁለት ሜትር ወደ መንገዱ የሚወጣ በረንዳ አለ። ክረምት ላይ ሰው እዚያ ሥር ይጠለላል፣ ቡና ይጠጣል። እሳቸው ማሳየት የፈለጉት ይህንን ነው፤ ለዚህ ነው ምስሉን በዝናብ ያዘዙት።

ሌላ ባለሙያ ሠርቶላቸው ነበር። ስልካቸውን አውጥተው አሳዩኝና «ልጀ፣ ቤቱን ሐዘን አስቀመጡት እኮ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ዓይኔን ጨፈን አድርጌ ሳየው ሰማዩ፣ ግድግዳውና መንገዱ አንድ ሆኑብኝ። ሁሉም ያው ቡናማ ግራጫ። ዝናብ ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ማጨለም ነው። ይህ ልማድ ከየት እንደመጣ አስባለሁ። ከኢንተርኔት የምናወርዳቸው የዝናብ ምስሎች ብዙዎቹ የብርድ አገር ከተሞች ናቸው። ሰዉ አንገቱን ቀብሮ ይሄዳል። ጎጃም ውስጥ ግን ክረምት ማለት ጤፍ ነው፣ በቆሎ ነው። ዝናብ ሲያባራ ገበያው ይንጫጫል። አየሩ ታጥቦ ከሩቅ ያለው ባሕር ዛፍ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል። ስለዚህ እኔ የምሠራው ዝናቡን ሳይሆን ዝናቡ ያባራበትን ሰዓት ነው። የሚወርድ ጠብታ ምስሉ ላይ አልጨምርም። ፎቁን በነጭ ጭረት ከመሸፈን ያለፈ የሚሰጠው ነገር የለም።

ሰዓቱን ልንገራችሁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ደመና ቢሆንም ውጭው በቀላሉ 10,000 ሉክስ ይደርሳል። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ያለው መብራት 500 ቢደርስ ነው። ስለዚህ በቀን መብራቱ ቢበራም ከውጭ መስኮቱ ጨለማ ነው የሚመስለው። ምሽት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ፀሐይዋ ከደመናው ጀርባ ልትጠልቅ ስትል፣ የውጭው ብርሃን ወርዶ ከሱቁ መብራት ጋር ይቀራረባል። ያን ጊዜ ሰማዩም ይታያል፣ ሱቁም ይበራል። ምስሉን በምሠራበት ፕሮግራም፣ ብሌንደር ላይ፣ የሰማዩን ኃይል ቀስ እያልኩ የማወርደው የመድኃኒት ቤቱ መስታወት ከግድግዳው ሁለት እጥፍ ያህል እስኪደምቅ ነው። አሥር እጥፍ ካደረጋችሁት ሌሊት ሆነ ማለት ነው።

ሰማዩን ካወረዳችሁ በኋላ ግን የካሜራውን Exposure መልሳችሁ አንሱት። እዚህ ላይ ነው ብዙው ሰው የሚረሳው። ፎቶ አንሺ እንኳ ሲመሽ ካሜራውን ይከፍታል። የእትዬ ግድግዳ ክሬም ቀለም ነው፤ በምስሉም ላይ ክሬም መሆኑ መታወቅ አለበት። በዓይን ብቻ አትመኑ፣ ዓይን ቶሎ ይለምዳል። View Transform የሚለውን ለጊዜው False Color ላይ አድርጉት። መካከለኛ ብርሃን ያለው ቦታ ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ከሱ የበራው ወደ ቢጫና ቀይ፣ የጨለመው ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። እትዬ ያሳዩኝን ዓይነት ምስል በዚህ ብታዩት ግድግዳው ሰማያዊ ውስጥ ነው የሚሰምጠው። እኔ ግድግዳውን ከግራጫው ትንሽ ከፍ አድርጌ አቆየዋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ሰማዩ። ደመና ሁሉ ከአራት አቅጣጫ እኩል ከበራ ፎቁ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ዓምዱና ግድግዳው አይለዩም። ሰማዩን አዙሬ የሳሳውን፣ በራ ያለውን ደመና በምዕራብ በኩል አደረግሁት። የእትዬ ፎቅ ፊቱ ወደ ደቡብ ስለሆነ፣ ከመንገዱ ማዶ ለቆመ ሰው ምዕራብ በግራው ነው። የዓምዶቹ ግራ ጎን ነጣ አለ፣ ቀኙ ለስለስ ያለ ጥላ ያዘ። በቃ፣ ይኸው ነው፤ ፀሐይ አላስፈለገም።

አሁን ወደ መንገዱ። የዛሬው ዋና ነገር ይኼ ነው።

ኮብልስቶን ሲረጥብ ይጠቁራል። ድንጋዩ ጥቃቅን ቀዳዳ አለው። ውሃ ሲሞላበት የገባው ብርሃን ውስጥ ውስጡን ሲንከላወስ ይቀርና ተመልሶ የሚወጣው ያንሳል። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ ሁሉም ድንጋዩን ያጠቁረዋል። ግን ውሃው ከላይ ደግሞ ብርሃን ይመልሳል። ያኛው ባለሙያ ድንጋዩን አጥቁሮ ነጸብራቁን ሳይሰጠው ቀርቷል፤ ሒሳብ ከፍሎ ዕቃውን ሱቅ ውስጥ ጥሎ እንደመሄድ ነው። መንገዱ ከታች ብርሃን ካልመለሰ ምስሉ ግማሹ ሞተ።

ምን ያህል ይመልሳል? ይህ በምታዩበት ማዕዘን ይወሰናል። ውሃን ቀጥ ብላችሁ ከላይ ወደ ታች ብታዩት የሚመልሰው ሁለት በመቶ ብቻ ነው። ካሜራው በሰው ዓይን ቁመት፣ 1.6 ሜትር ላይ ሆኖ አሥር ሜትር ርቆ ያለ ኩሬ ቢያይ ግን ወደ 38 በመቶ ይመለሳል። ካሜራውን ሦስት ሜትር ላይ ብትሰቅሉት ያው ኩሬ ወደ 18 ይወርዳል፣ ከግማሽ በታች ማለት ነው። ስለዚህ «ነጸብራቄ ደከመ» የሚል ሰው ማቴሪያሉን ከመነካካቱ በፊት ካሜራውን ዝቅ ያድርግ። እግራችሁ ሥር ያለው ኩሬ ብዙም አለማንጸባረቁ ትክክል ነው፤ እሱን ለማስገደድ አትሞክሩ፣ ወዲያው ይታወቃል።

ማቴሪያሉን በሦስት ደረጃ ነው የምከፍለው። ደረቅ፣ እርጥብና ኩሬ። ደረቁ ድንጋይ የቀለሙ ድምቀት፣ Base Color የሚለው፣ 0.2 ነው፤ ሻካራነቱ፣ Roughness የሚለው፣ 0.8 ነው። እርጥቡን ወደ 0.1 አወርደዋለሁ፣ Roughness ደግሞ 0.4 ይሆናል። ኩሬው ላይ ያው 0.1 ይቆይና Roughness ወደ 0.04 ይወርዳል። ኩሬው ላይ የድንጋዩን ጉርብጥብጥ የሚሰጠውን የኖርማል ካርታ አጠፋዋለሁ፤ ውሃ ስንጥቁን ሞልቶ ለጥ ብሏልና። ይህን ካልዘነጋችሁ ኩሬው ኩሬ ይሆናል። ከዘነጋችሁት የተወለወለ ድንጋይ ይመስላል።

ኩሬው የት ይሁን? እዚህ ላይ ኮምፒውተሩ የሚሰጣችሁን የዘፈቀደ ነጠብጣብ አትመኑ። ከደጅ ወጥታችሁ እዩ። እኔ ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ። ውሃው ያለው ጎማ በሄደበት ሁለት መስመር ላይ ነው፣ ጠርዙ ጋ ነው፣ ድንጋዩ የሰመጠበት ቦታ ነው። አሸንዳ የሌለው ቆርቆሮ ሥር ደግሞ ጠብታው አፈሩን እየበሳ በመስመር የተደረደሩ ትናንሽ ጉድጓዶች ሠርቷል። በየጉድጓዱ ሰማይ አለ። የእትዬ ፎቅ አሸንዳ ስላለው ይህን አልተጠቀምኩበትም፤ ጎረቤቱ ቤት ሥር ግን አስገባሁት። ባለአገሩ ያውቀዋል።

በረንዳው ሥር ያለው ወለል ደረቅ ነው። እባካችሁ እሱን አታርጥቡ። የደረቀው ፈዛዛ ወለል ከእርጥቡ አጠገብ ሲቀመጥ ነው በረንዳው ሥራ እየሠራ መሆኑ የሚታየው። እትዬ የሚሸጡት እሱን ነው።

ግድግዳውም እንደዚሁ ነው። ሁሉን ነገር እኩል ማርጠብ አንዱ የጭቃ ምንጭ ነው። ልስን ውሃ ይጠጣል፣ ይጠቁራል፤ ግን የሚጠቁረው ከታች ውሃ በሚረጭበት ግማሽ ሜትርና በመስኮቱ ደፍ ሁለት ጫፍ ሥር ነው። መስታወትና አሉሚኒየም አይጠጡም፣ አይጠቁሩም። ጠብታ ይይዛሉ፣ ያብለጨልጫሉ፣ በቃ። አሉሚኒየሙን ያጠቆረ ሰው ዝናብ አይቶ አያውቅም ብል ማጋነን አይሆንም።

ቀለም ላይ ደግሞ አንድ የተለመደ ጥፋት አለ። ምስሉ ቀዘቀዘ ብለው መጨረሻ ላይ ሁሉን ነገር ቢጫ ይደፉበታል። ሰማያዊ ግራጫ ላይ ቢጫ ስትደፉ የሚወጣው ቡናማ ነው። የእትዬ መንገድ ቡናማ የሆነው በዚህ ይመስለኛል። ሙቀቱ ከመብራቱ ይምጣ። ሰማዩ 7,000 ኬልቪን፣ የካፌው አምፖል 3,000። ካሜራውን 5,500 አካባቢ አድርጉት። ሰማዩ ትንሽ ሰማያዊነቱን ይይዛል፣ ካፌው ይሞቃል፣ ሁለቱም መንገዱ ላይ ሳይቀላቀሉ ጎን ለጎን ይተኛሉ። የአምፖሉ ነጸብራቅ እርጥቡ ድንጋይ ላይ ወደ እናንተ በቁመት ይረዝማል። ክብ ሆኖ ከቀረ የሆነ ነገር ተበላሽቷል፤ አብዛኛውን ጊዜ ካሜራው ከፍ ብሏል ወይም ኖርማሉ ጠፍቷል።

ጉም አትጨምሩ። ትንሽ ከፈለጋችሁ ከፎቁ ጀርባ ብቻ። ጉም ጥቁሩን ወደ ግራጫ ያነሳዋል፣ እኛ ደግሞ ትንሽ እውነተኛ ጥቁር ያስፈልገናል። እኔ የባጃጁን ሆድ ሥርና የካፌውን የኋላ በር ጥቁር ተውኳቸው። ለነጩ ደግሞ ጋቢ የለበሱ አንድ አባት በረንዳው ጫፍ ላይ አቆምኩ። ጋቢው ከምስሉ ሁሉ ነጩ ነገር ነው፣ ከፊቱ ያለው ኩሬ ላይም ይደገማል። ዓይን እሱን ካየ በኋላ ግራጫው ግራጫ መሆኑን ይቀበላል፣ ቆሻሻ አይመስለውም።

መጨረሻ ላይ ምስሉን በስልክ መጠን አሳንሱት። ባለቤቱ የሚያየው እዚያ ነው። እንደ ፎቶ በቴሌግራም ከላካችሁት ይጨመቅና የጨለመው ግራጫ ሁሉ ይጨማለቃል። እንደ ፋይል ላኩት።

ለእትዬ ላክሁላቸው። አይተው ደወሉ። «በረንዳው ደርቋል፣ ደግ አደረግህ» አሉኝ። ቀጥለው የመድኃኒት ቤቱ ጽሑፍ ትልቅ ይሁን አሉ። ነገ እሱን አስተካክላለሁ።