«ስምሽ የለም»፦ የታሰረ ሰው ጠያቂ በር ላይ፣ ስልክ ላይና ፖስታ ላይ ምን ይገጥመዋል?

ሄኖክ፦ ሰላም፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። ዛሬ የምንጀምረው አንዲት አድማጫችን በላከችልን መልእክት ነው። ወንድሟ የፍርድ ቀጠሮ እየጠበቀ ሳለ በየሳምንቱ ትጠይቀው ነበር። ከዚያ ተፈረደበትና ወደ ሌላ ማረሚያ ቤት ተዛወረ። ረጅም መንገድ ተጉዛ ስትደርስ በሩ ላይ «ስምሽ የለም» አሏት። እህቱ ነኝ ብትል፣ መታወቂያ ብታወጣ፣ ወይ ፍንክች! ትዕግስት፣ አንቺ ማረሚያ ቤት ውስጥ በማኅበራዊ ሠራተኛነት ብዙ ዓመት ሠርተሻል። ምን ሆኖ ነው?

ትዕግስት፦ ምንም የተለየ ነገር አልሆነም፣ ችግሩም እሱ ነው። ቤተሰብ ዝምድናው ራሱ መግቢያ ይመስለዋል። ብዙ ቦታ ግን ጠያቂዎቹን የሚያስመዘግበው እስረኛው ነው። እህቱ ብትሆኚም እሱ ስምሽን ካላስገባ አትገቢም። ደንቡ ከአገር አገር፣ አንዳንዴም በአንድ አገር ውስጥ ከግቢ ግቢ ይለያያል። ይህ የስም ዝርዝር ነገር ግን በጣም የተለመደ ነው።

ሄኖክ፦ ግን እኮ ቀድሞ ትገባ ነበር።

ትዕግስት፦ ያኔ ገና አልተፈረደበትም። ፍርዱን የሚጠብቅ ሰው ብዙ ጊዜ ላላ ያለ ደንብ ነው ያለው፤ ጠያቂ ቶሎ ቶሎ ይገባለታል። ሲፈረድበት ሌላ ምድብ ውስጥ ይገባል። ሲዛወር ደግሞ የድሮው ዝርዝር አብሮት ላይሄድ ይችላል። አዲስ ፎርም ይሞላል፣ የጠያቂዎቹ ማንነት ይጣራል፣ ከዚያ ነው የሚፈቀደው። ማጣራቱ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። እሷ በዚያ መሃል ነው የደረሰችው።

ሄኖክ፦ ታዲያ ከመሄዷ በፊት ምን ማድረግ ነበረባት?

ትዕግስት፦ ወደ ማረሚያ ቤቱ ደውላ ሦስት ነገር መጠየቅ። እዚያው ነው ያለው? የእኔ ስም ጸድቋል? ጉብኝቱ በቀጠሮ ነው ወይስ ሄዶ መሰለፍ ይቻላል? የመጀመሪያውን ጥያቄ ሰው ይንቀዋል። እስረኛ ግን ፍርድ ቤት ሊወሰድ፣ ሆስፒታል ሊተኛ፣ ጠዋት ሊዛወር ይችላል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2015 እ.ኤ.አ. ስለ እስረኞች አያያዝ ያጸደቃቸው የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች አሉ። 68ኛው ደንብ እስረኛው መታሰሩን፣ መዛወሩን፣ ከባድ ሕመም ወይም ጉዳት ሲደርስበትም ለቤተሰቡ ወዲያው የማሳወቅ መብት እንዳለው ይናገራል። ማረሚያ ቤቱም ይህን የሚያደርግበትን መንገድ መስጠት አለበት።

ሄኖክ፦ እዚህ ላይ ስሙ ራሱ ጣጣ አለው ትይ ነበር።

ትዕግስት፦ ወይ ጉድ፣ እሱማ! እስረኛው እህቱን የሚጠራት በቤት ስሟ ነው። ፎርሙ ላይ «ሚሚ» ብሎ ያስመዘግባታል። መታወቂያዋ ላይ ያለው «ሙሉነሽ» ነው። ተረኛው ዝርዝሩን ያያል፣ መታወቂያውን ያያል፣ አይገጥምም፣ አለቀ። ውጭ አገር ከሆነ ደግሞ ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዷ ፊደል ትለያለች። ስለዚህ መታወቂያው ላይ እንዳለ፣ ፊደል በፊደል፣ በደብዳቤ ወይም በስልክ ንገሩት። የልደት ቀንና አድራሻም ይጠየቃል። ልጅ የምታስገቡ ከሆነ የልጁ ስምም መኖር አለበት። ወላጅ ያልሆነ አዋቂ ይዞት ሲመጣ ደግሞ የወላጅ ፈቃድና የልደት ማስረጃ ይፈለጋል።

ሄኖክ፦ እሺ፣ ስሙ ተገኘ። ቀጥሎ ፍተሻ ነው።

ትዕግስት፦ ፍተሻ ላይ ሰው ሁለት ነገር ቢያውቅ ጥሩ ነው። የማንዴላ ደንቦች 60ኛው አንቀጽ ጠያቂ የሚገባው ለመፈተሽ ሲስማማ ነው ይላል። ስምምነትህን በማንኛውም ሰዓት መልሰህ መውሰድ ትችላለህ። «አልፈተሽም» ብትል በግድ አይፈትሹህም፤ ግን አላስገባህም ማለት ይችላሉ።

ሄኖክ፦ ማለት መብቱ አለህ፣ ዋጋው ደግሞ ጉብኝቱ ነው።

ትዕግስት፦ ልክ ነህ። ያው ደንብ ፍተሻው የሚያዋርድ መሆን የለበትም ይላል። የሰውነት ክፍተት ውስጥ የሚደረግ ፍተሻ እንዲቀር ያሳስባል፣ ሕፃናት ላይ ደግሞ ጭራሽ አይደረግም። ይህ ደንብ እንደ ፓርላማ ሕግ አስገዳጅ አይደለም። የአገሩን ሕግ ማየት ያስፈልጋል። አቤቱታ ስትጽፍ ግን ጠቅሰህ የምትከራከርበት ነገር ነው።

ሄኖክ፦ በተግባር ሰው ምኑ ላይ ነው የሚያዘው?

ትዕግስት፦ ኪስ ውስጥ በተረሳ ነገር። የራስ ምታት ክኒን በወረቀት ተጠቅልላ ጃኬት ውስጥ ቀርታ፣ የድሮ ሲም ካርድ ቦርሳ ስር ተወሽቃ። አንተ ረሳሁት ትላለህ፣ እነሱ ደግሞ ይህን በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚሰሙት! ስልክ ወይም ሲም ካርድ ይዞ መግባት በአንዳንድ አገሮች ወንጀል ነው። ስለዚህ የማረሚያ ቤት ልብስ ብላችሁ አንድ ሙሉ ልብስ ለዩ። ኪሱ ያነሰ፣ ብረት የሌለው። ቀለሙ የእስረኞቹን ወይም የጠባቂዎቹን ልብስ የማይመስል ይሁን፤ ብዙ ቦታ በዚህም ይመልሳሉ።

ሄኖክ፦ አድማጫችን መግባት ሲያቅታት ስልክ ላይ ተንጠለጠለች። መልእክቷ ላይ ያለውን ላንብብልሽ፦ «ሲደውልልኝ ጠበቃውን በሌላ መስመር አስገብቼ ሦስታችን አወራን። በመሃል ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ አልደወለም።»

ትዕግስት፦ እሱ ያስደነግጠኛል። ከስልኩ መቋረጥ በላይ ጠበቃውን ማስገባቷ።

ሄኖክ፦ እንዴት?

ትዕግስት፦ ቀስ ብለን እንየው። የእስረኛ ስልክ ብዙ ቦታ አንድ አቅጣጫ ነው፤ እሱ ይደውላል፣ እናንተ አትደውሉም። የሚደውለውም አስመዝግቦ ወደተፈቀደለት ቁጥር ብቻ ነው። ሦስተኛ ሰው ማስገባት ወይም ጥሪውን ወደ ሌላ ቁጥር ማዞር ይከለከላል፤ ያልተፈቀደ ሰው በጓሮ በር የሚገባው በዚያ ነዋ። የሌላ መስመር ድምፅ ሲሰማ በራሱ የሚቆርጥ ሥርዓት ያለበት ቦታ አለ። ከዚያ ቅጣቱ የሚመጣው በእሱ ነው። ለጊዜው ስልክ ሊከለከል ይችላል። ዝም ያለው በዚያ ይሆናል።

ሄኖክ፦ ጠበቃውስ?

ትዕግስት፦ የቤተሰብ መስመር ይቀዳል። ሲጀምር «ይህ ጥሪ ይቀዳል» የሚል ድምፅ ይናገራል፣ ሰው በሁለተኛው ቀን ይለምደውና አይሰማውም። ከጠበቃ ጋር የሚደረግ ንግግር ምስጢሩ የተጠበቀ ነው፤ ግን በተመዘገበ የጠበቃ መስመር ወይም በአካል ሲሆን ነው። በማንዴላ ደንቦች 61ኛው መሠረት ጠበቃና ደንበኛ ሲገናኙ ጠባቂ ማየት ይችላል፣ መስማት ግን አይችልም። እሷ ጠበቃውን በሚቀዳው መስመር ስታስገባው ያንን ከለላ አደጋ ላይ ጣለችው። ዐቃቤ ሕግ «እየተቀዳ እንደሆነ እያወቃችሁ ነው የተናገራችሁት» ሊል ይችላል።

ሄኖክ፦ ይግባኝ ካለው ደግሞ…

ትዕግስት፦ አዎ፣ ፍርድ ተሰጠ ማለት ጉዳዩ ተዘጋ ማለት አይደለም። በቤተሰብ መስመር ላይ ስለ ጉዳዩ አታውሩ። ማን ምን እንዳየ፣ ማን ምን ብሎ እንደመሰከረ፣ ምስክር ጋ ሄደህ እንዲህ በለው የሚባል ነገር የለም። የመጨረሻው እንዲያውም በራሱ ሌላ ክስ ያመጣል። እሱ ከጀመረም «ለጠበቃህ ንገረው» ብሎ ወሬ መቀየር ነው። ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ እናቴ ጤናዋ እንዴት ነው፣ ይኸው ነው የስልኩ ሥራ።

ሄኖክ፦ አሁን ለዚህች እህታችን ምን ቀራት? ደብዳቤ?

ትዕግስት፦ ደብዳቤ ነው። እሱም ተመልሶባታል ብለኸኛል አይደል?

ሄኖክ፦ አዎ፣ ፖስታው ሳይከፈት። እሷ የላከችው በስሙና በማረሚያ ቤቱ አድራሻ ነው።

ትዕግስት፦ የእስረኛ ቁጥሩ የለማ! በአንድ ግቢ ውስጥ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሰዎች አሉ። ሙሉ ስም፣ ቁጥር፣ ከዚያ አድራሻ። የላኪም ሙሉ ስምና አድራሻ ፖስታው ላይ ይጻፋል፤ ላኪው የማይታወቅ ደብዳቤ ብዙ ቦታ አይገባም። ሲዛወር ደግሞ ቁጥሩ ሊቀየር ይችላልና እንደገና ጠይቁ።

ሄኖክ፦ ውስጡስ? የልጁ ሥዕል አልገባም የሚል ቅሬታም ሰምቻለሁ።

ትዕግስት፦ ይህ ክፋት የሚመስለው ሰው አለ። ምክንያቱ ወረቀቱ ነው። በላብራቶሪ የተሠሩ አደንዛዥ ዕፆች በፈሳሽ መልክ ወረቀት ላይ ይነከራሉ። ወረቀቱ ይደርቃል፣ በዓይን አይለይም። ስለዚህ ሽቶ የነካው፣ ተለጣፊ ያለበት፣ የሰም ቀለም የተቀባ፣ ሁለት ንብርብር የሆነ ፖስትካርድ ይጠረጠራል። አንዳንድ ማረሚያ ቤቶች ዋናውን ያስቀሩና ፎቶኮፒ ወይም ስካን ነው ለእስረኛው የሚሰጡት። በፈዛዛ እርሳስ የተጻፈ ደብዳቤ እዚያ ላይ ይጠፋል። በጥቁር እስክሪብቶ፣ በነጭ ወረቀት፣ በአንድ በኩል ብቻ ጻፉ። የልጁን ሥዕል ቤት አስቀምጡት፣ ቅጂውን ላኩ።

ሄኖክ፦ በአማርኛ ቢጻፍ ችግር አለው?

ትዕግስት፦ አማርኛ የማያውቅ ሠራተኛ ባለበት አገር ሊዘገይ ይችላል፤ የሚያነበው ሰው እስኪገኝ። አንድ የምወዳት ዘዴ አለች፦ ደብዳቤዎቹ ላይ ቀንና ተራ ቁጥር ጻፉ። «4ኛ ደብዳቤ»። እሱ 5ኛውን አግኝቶ 4ኛው ካልደረሰው መቅረቱን ያውቃል፣ እናንተም የትኛው እንደጠፋ በትክክል ጠቅሳችሁ ትጠይቃላችሁ። «ደብዳቤዬ አልደረሰም» ከማለት ይለያል።

ሄኖክ፦ የመጨረሻ ጥያቄ። በስልኩ ጥፋት ምክንያት ሁሉንም ቢከለክሉትስ? ስልክም፣ ጉብኝትም፣ ደብዳቤም?

ትዕግስት፦ እዚህ ጋ የማንዴላ ደንቦች 43ኛው ግልጽ ነው። የዲሲፕሊን ቅጣት ቤተሰብን ከማግኘት ጨርሶ መከልከልን አይጨምርም። ማጥበብ ይቻላል፣ ለተወሰነ ጊዜና ለጸጥታ የግድ እስካስፈለገ ብቻ። ስለዚህ እሷ ለአስተዳደሩ በጽሑፍ ትጠይቅ፦ የተከለከለው ምንድን ነው፣ በምን ውሳኔ፣ እስከ መቼ? ስልኩ ተዘግቶ ደብዳቤው ክፍት ሊሆን ይችላል፣ ማንም ሳይነግራት። ለአስተዳደሩ የጻፈችውን ቅጂ ለጠበቃው ትስጥ። እስከዚያው ለወንድሟ ከእስረኛ ቁጥሩ ጋር «1ኛ ደብዳቤ» ብላ ትጻፍለት፤ ውስጡም ሙሉ ስሟን፣ መታወቂያዋ ላይ እንዳለ፣ የጠያቂ ፎርሙ ላይ እንዲሞላው ታስቀምጥለት።

ሄኖክ፦ «ሚሚ» ሳይሆን።

ትዕግስት፦ «ሙሉነሽ» ብሎ፣ ከነአባቷ ስም።