ስለ አንድ የዋጋ ማቅረቢያ ደብዳቤ፦ የማተሚያ ቤቶች ማኅበር ሊቀ መንበር በዓመታዊ ጉባኤው ያደረጉት የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ የተከበራችሁ እንግዶቻችን፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

በመክፈቻ ንግግር የዓመቱን ሥራ መዘርዘር የተለመደ ነው። የዓመቱ ሪፖርት ግን በእጃችሁ ስላለ እሱን አልደግመውም። የተሰጠኝን ጊዜ በአንድ ደብዳቤ ላይ ላውለው እፈልጋለሁ። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለአንድ ትምህርት ቤት ደብተር በብዛት ለማተም የላክሁት የዋጋ ማቅረቢያ ነበር። ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ በዚያች ገጽ ላይ ግን ሦስት ስህተት ሠርቼበታለሁ። አብዛኞቻችን የምንጽፈው ይህንኑ ዓይነት ደብዳቤ በመሆኑ በግልጽ ልናገረው መርጫለሁ።

ትምህርት ቤቱ የጠየቀው 1,850 ደብተር ነበር። እኔም በእርከን የተቀመጠ ቅናሽ ላክሁ። ስሌቱን ለመከተል እንዲቀለን የገንዘቡን ስም እንተወውና ከ500 እስከ 999 ለሚያዝዝ ደንበኛ የአንዱ ደብተር ዋጋ 100 ነው እንበል። ከ1,000 ጀምሮ 90፣ ከ2,000 ጀምሮ 80፣ ከ5,000 ጀምሮ 70፣ ከ10,000 ጀምሮ ደግሞ 60 ብዬ ጻፍኩ። በየእርከኑ አሥር አሥር እየቀነሰ የሚሄድ፣ ለዓይን የሚያምር ሠንጠረዥ ነበር። ሳዘጋጀው የወጪ መዝገቤን አልከፈትኩም። የመጀመሪያው ስህተቴ ይህ ነው።

አንድ ደብተር ለማተም የሚወጣው ወጪ ሁለት መልክ እንዳለው ሁላችንም እናውቃለን። አንዱ ማሽኑ የመጀመሪያዋን ደህና ሉክ ከማውጣቱ በፊት የሚያልቀው ነው፤ የፕሌት ሥራ፣ ማሽን ማዘጋጀት፣ ቀለሙ እስኪስተካከል የሚበላሸው ወረቀት፣ መቁረጫውንና የሽቦ ስፌቱን በልክ ማድረግ። ይህ ወጪ 500 ብናትም 10,000 ብናትም ያው ነው። ሌላው ከእያንዳንዱ ደብተር ጋር አብሮ የሚያድገው ነው፤ ወረቀት፣ ቀለም፣ ሽቦ፣ የእጅ ሥራ። በእኔ መዝገብ የዝግጅቱ ወጪ በጠቅላላው 12,000፣ በእያንዳንዱ ደብተር ላይ የሚወጣው ደግሞ 64 ነበር።

እንግዲህ 12,000ውን ለብዛቱ አካፍሉት። በ500 ደብተር ለአንዱ 24 ይደርሰዋል፤ ወጪው 88 ይሆናል። በ1,000 ወደ 76፣ በ2,000 ወደ 70 ይወርዳል። በ5,000 ግን 66.4 ላይ ነው፤ በ10,000 ደግሞ 65.2። ወጪው መጀመሪያ ላይ በፍጥነት ይወርዳል፤ ከ2,000 በኋላ የሚቀረው መውረጃ ጥቂት ነው። የደብተሩን ብዛት ምንም ያህል ብንጨምረው ከ64 በታች አይወርድም። የእኔ ሠንጠረዥ ግን በመጨረሻው እርከን 60 ይላል። አንድ ደንበኛ 10,000 ደብተር ቢያዝዝ ኖሮ በእያንዳንዱ ላይ 5.2፣ በጠቅላላው 52,000 እከስር ነበር። ያዘዘ ሰው ስላልነበረ ብቻ ተረፍኩ።

የቅናሽ እርከን ወጪውን ተከትሎ መጥበብ አለበት። በ500 ላይ ያገኘሁትን የ12 ትርፍ በሁሉም እርከን ብጠብቅ ኖሮ ዋጋው 100፣ ከዚያ 88፣ 82፣ 78፣ በመጨረሻም 77 ይሆን ነበር። ይህን ሠንጠረዥ ያየ ደንበኛ የመጨረሻው ቅናሽ ለምን አነሰ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ እውነተኛ ስለሆነ ልናፍርበት አይገባም፤ ከዚያ በላይ የሚቀነሰው ከወረቀቱ ጥራት ነው። ወጪው የማይችለውን ቅናሽ የሰጠ ማተሚያ ቤት ባለ 60 ግራሙን ወረቀት በባለ 50 ግራም የመተካት ፈተና ውስጥ ይገባል። ዳፋውን የሚቀበለው ቀለሙ ወደ ጀርባ እየዘለቀ የሚያስቸግረው ተማሪ ነው።

ሁለተኛውን ስህተት ያገኘችው የትምህርት ቤቱ ገንዘብ ያዥ ናት። ስልክ ደውላ፣ በትሕትና፣ «1,850 ደብተር በ90 ሲባዛ 166,500 ይመጣል፤ 2,000 በ80 ሲባዛ ደግሞ 160,000 ነው። 150 ደብተር ጨምረን እንዴት ትንሽ እንከፍላለን?» አለችኝ። ትክክል ነበረች። ደብዳቤዬ ውስጥ ጉድጓድ ነበረበት። ከ1,778 እስከ 1,999 ድረስ የሚያዝዝ ደንበኛ ሁሉ 2,000 ካዘዘው የበለጠ ይከፍላል። በታችኛው እርከንም ከ900 በላይ እስከ 999 ድረስ ያው ነው። ደንበኛው ይህን ካላየው ሳያውቅ ይጎዳል፤ ካየው ደግሞ እኛን ማመን ያቆማል።

ትምህርት ቤቱ በመብቱ ትዕዛዙን ወደ 2,000 ከፍ አደረገ። ለእኔ የሚገባው ገንዘብ በ6,500 ቀነሰ፤ ለተጨማሪዎቹ 150 ደብተሮች ደግሞ 9,600 ወጣብኝ። ትርፌ ከ36,100 ወደ 20,000 ወረደ ማለት ነው፤ ያውም ብዙ ሠርቼ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቅናሹ በሙሉው ትዕዛዝ ላይ ሳይሆን ከእርከኑ በላይ ባለው ብዛት ላይ ብቻ ይታሰብ። ለምሳሌ የመጀመሪያው 1,000 ደብተር በ95፣ ቀጣዩ 1,000 በ80፣ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ በ75 ይሁን። 1,850 ደብተር 163,000 ይመጣል፤ 2,000 ደብተር 175,000። የጨመረ ሁልጊዜ ይጨምራል፤ ጉድጓድም የለም። የዚህ አሠራር ችግሩ አንድ ነው፤ ደንበኛው ደብዳቤዎችን ጎን ለጎን ሲያስተያይ «80» የሚለውን ቁጥር ብቻ አይቶ ለሁሉም ደብተር ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ከሠንጠረዡ ሥር በጠየቀው ብዛት ልክ ጠቅላላ ድምሩን፣ ታክስ ይካተት አይካተት ተገልጾ፣ በአኃዝና በፊደል መጻፍ አለብን። በሙሉው ትዕዛዝ ላይ ቅናሽ መስጠትን የሚመርጥ አባል ካለ ቢያንስ ይህን ዓረፍተ ነገር ይጨምር፦ «የትዕዛዙ ድምር ከቀጣዩ እርከን መነሻ ድምር ከበለጠ ደንበኛው የሚከፍለው የቀጣዩን መነሻ ድምር ብቻ ነው።» ገንዘብ ያዥዋ ከምትደውልልን በፊት እኛው ብንነግራት ይሻላል።

ሦስተኛው ስህተት ከሁሉም የከፋው ነው። ትዕዛዙ ጸድቆ፣ ቅድሚያ ክፍያው ገብቶ፣ ዝርዝሩ ሲመጣ 2,000ው ደብተር አራት ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ባለ ሰፊ መስመር 500፣ ባለ ጠባብ መስመር 500፣ ለሂሳብ ባለ ካሬ 500፣ ለሥዕል መስመር የሌለው 500፤ ሽፋኑም እንደየዓይነቱ ይለያያል። የእኔ ደብዳቤ «2,000 ደብተር» ብቻ ይላል። የአንድ ዓይነት ወይስ የድምሩ አይልም። ትምህርት ቤቱ ምንም አላጠፋም፤ የጻፍኩትን አንብቦ ነው ያዘዘው።

ለማሽኑ ግን አራት ጊዜ 500 ማለት 2,000 ማለት አይደለም። አራት ጊዜ ፕሌት፣ አራት ጊዜ ዝግጅት፣ አራት ጊዜ የሚበላሽ ወረቀት ነው። 12,000 የነበረው የዝግጅት ወጪ 48,000 ሆነ፤ የአንዱ ደብተር ወጪም ከ70 ወደ 88 ተመለሰ፤ ልክ 500 እንዳተምኩ ማለት ነው። በ80 ሸጬዋለሁና በጠቅላላው 16,000 ከሰርኩ። ቃሌን ጠብቄ አስረክቤያለሁ። ደብዳቤው ፊርማዬና ማኅተሜ ያለበት ስለሆነ ሌላ አማራጭ አልነበረኝም፤ ልፈልግም አይገባኝም ነበር።

ከዚያ ወዲህ በደብዳቤዬ ላይ ይህ ይሰፍራል፦ «ቅናሹ የሚታሰበው በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት መስመርና በአንድ ዓይነት ሽፋን በሚታተም ብዛት ነው። የተለየ መስመር ወይም ሽፋን በተጨመረ ቁጥር የዝግጅት ወጪው ለብቻው ይታሰባል።» ርክክቡ በየተወሰነ ወር ተከፋፍሎ ይሁን ለሚሉ ደንበኞችም ያው ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትመን መጋዘን አስቀምጠን በየጊዜው ከሰጠን ቅናሹ ይጸናል፤ በየጊዜው እንደ አዲስ የምናትም ከሆነ ግን አይጸናም።

ዓረፍተ ነገሩን ጽፎ መቀመጥ ብቻ ግን አይበቃም፤ ደንበኛውን መርዳት የሥራችን አካል ነው። አራት ዓይነት ሽፋን የሚፈልግ ትምህርት ቤት ሥዕሉን አንድ አድርጎ የትምህርቱን ስም ብቻ በጥቁር ቀለም ቢለይ በባለ አራት ቀለም ኅትመት የሚቀየረው የጥቁሩ ፕሌት ብቻ ነው። 16 ፕሌት ይፈጅ የነበረው ሽፋን በ7 ያልቃል። ዋጋ ከመላካችን በፊት ይህን በስልክ ብንነግረው ከየትኛውም እርከን የበለጠ ቅናሽ ሰጠነው ማለት ነው።

ስለ ደብዳቤው የመጀመሪያ መስመርም አንድ ነገር ልበል፤ በራሴ ላይ ባይደርስም በባልደረቦቼ ላይ ሲደርስ አይቻለሁ። ገጽና ሉክ ይምታታሉ። «ባለ 64 ደብተር» ብሎ የጻፈ ማተሚያ ቤት 64 ገጽ ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ ያዘዘው ሰው ግን 64 ሉክ መስሎት ይጠብቃል፤ ይህም እጥፍ ወረቀት ነው። ሁለቱም ይጻፍ፦ ባለ 32 ሉክ፣ 64 ገጽ፣ ኤ5 መጠን፣ የውስጥ ወረቀቱ 60 ግራም፣ ሽፋኑ 200 ግራም፣ በሁለት ሽቦ የተሰፋ።

እንዲህ ከተጻፈ ደንበኛው ራሱ በሚዛን ሊያረጋግጠው ይችላል። ባለ 32 ሉክ የኤ5 ደብተር ውስጡ መሃሉ ላይ የታጠፉ 16 የኤ4 ወረቀቶች ነው፤ 16 ኤ4 ደግሞ አንድ ሜትር ካሬ ይሞላል። የወረቀቱ ግራም የሚለካው በሜትር ካሬ ስለሆነ የውስጡ ክብደት 60 ግራም ገደማ መሆን አለበት። ሽፋኑ 12.5 ግራም ይጨምራል። አንድ ደብተር 72 ግራም አካባቢ፣ መቶው ሰባት ኪሎ ከሩብ ገደማ ማለት ነው። መቶው ስድስት ኪሎ ከሩብ ቢመዝን የውስጡ ወረቀት ባለ 50 ግራም መሆኑን ማንም ያውቃል። በእርጥበትና በአቆራረጥ ምክንያት ትንሽ ልዩነት ይኖራል፤ አንድ ሙሉ ኪሎ ግን አይኖርም። እኔ ይህን ስሌት በደብዳቤዬ ግርጌ እጽፈዋለሁ። ደንበኛ እንዲመዝነን መጋበዝ ያስፈራል የሚሉኝ አሉ። ወረቀቱ ትክክል ከሆነ ምን ያስፈራል?

ደብዳቤው የሚጸናበት ቀንም ይጻፍ። በእያንዳንዱ ደብተር ላይ ከሚወጣው 64 ውስጥ ትልቁ ድርሻ የወረቀት ነው፤ የወረቀት ዋጋ ሲንቀሳቀስ ሠንጠረዡ በሙሉ ይናዳል። ማለቂያ ቀን የሌለው ደብዳቤ ይዞ ከአራት ወር በኋላ የመጣን ደንበኛ መመለስም ማስተናገድም ከባድ ነው።

ባልደረቦቼ፣ በእነዚህ ነጥቦች ላይ የተዘጋጀው የናሙና ደብዳቤ ረቂቅ ከሰዓት በኋላ በሚደረገው ውይይት ይቀርብላችኋል። በእርከን አሰላሉ ላይ የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ራሱ አልተስማማም፤ ሁለቱም አማራጮች ስለቀረቡ የየራሳችሁን ወጪ እያስገባችሁ ሞክሩትና ድምፅ ስጡበት። ጉባኤው በዚሁ ተከፍቷል። የመጀመሪያውን አጀንዳ እንዲያቀርብ የማኅበሩን ጸሐፊ ወደ መድረኩ እጋብዛለሁ።